የሜዳ ጥቅምና የዕረፍት ቀናት በአቅም ነጥብ ስሌት ውስጥ፦ ከውጤት ፋይል እስከ ትንበያ

በ2018/19 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከተካሄዱት 380 ጨዋታዎች ባለሜዳዎቹ 181ዱን፣ እንግዶቹ 128ቱን አሸነፉ፤ 71ዱ በአቻ ውጤት ተጠናቀቁ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ስታዲየሞች በኮሮና ምክንያት በአብዛኛው ያለ ደጋፊ በዋሉበት በ2020/21፣ ባለሜዳዎቹ 144፣ እንግዶቹ 153 ጨዋታ አሸነፉ። በሊጉ ታሪክ እንግዶች በድል ብዛት ባለሜዳዎችን ሲበልጡ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ለቡድኖች የአቅም ነጥብ እየሰጠ ውጤት የሚተነብይ ሰው የሜዳ ጥቅምን ከሌላ ቦታ በተዋሰው ቋሚ ቁጥር ካስገባ በአንደኛው ዓመት ወይም በሌላኛው መሳሳቱ አይቀርም። ቁጥሩን ከራሱ ከሊጉ ውጤቶች ማውጣት ይቻላል፤ ከባድም አይደለም። የዕረፍት ቀናት ውጤት ግን ትንሽ በመሆኑና ከሌላ ነገር ጋር በቀላሉ ስለሚምታታ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለቱንም በቅደም ተከተል እንሥራቸው።

ቀመሩና ፋይሉ

የምንጠቀመው ከቼዝ የመጣውን የኢሎ ስሌት ነው። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ነጥብ አለው፤ ከጨዋታው በፊት ባለሜዳው የሚጠበቅበት ውጤት እንዲህ ይሰላል፦

```
E = 1 / (1 + 10^(-(dR + H) / 400))
```

`dR` የባለሜዳው ነጥብ ሲቀነስ የእንግዳው ነጥብ ነው። `H` ባለሜዳው ለሜዳው ሲባል የሚጨመርለት ነጥብ ነው። የጨዋታው ትክክለኛ ውጤት `S` ለድል 1፣ ለአቻ 0.5፣ ለሽንፈት 0 ይሆናል። ከጨዋታው በኋላ `S` ከ`E` በበለጠው ወይም ባነሰው ልክ፣ በተመጣጠነ መጠን፣ ነጥቦቹ ከፍና ዝቅ ይላሉ። በብሔራዊ ቡድኖች የኢሎ ሰንጠረዥ `H` 100 ነው፤ ብዙዎች ይህንኑ ወስደው ለክለቦች ሊግ ይጠቀሙበታል። ከዚህ በታች እንደምናየው ለዛሬው ፕሪሚየር ሊግ የሚበዛ ቁጥር ነው።

የእንግሊዝን ውጤቶች ከ`football-data.co.uk` በነፃ ማውረድ ይቻላል፤ የፕሪሚየር ሊጉ ፋይል ስም `E0.csv` ነው። የሚያስፈልጉን ዓምዶች `Date`፣ `HomeTeam`፣ `AwayTeam` እና `FTR` ናቸው። በ`FTR` ሥር `H` የባለሜዳ ድል፣ `D` አቻ፣ `A` የእንግዳ ድል ማለት ነው። ቀኑ የተጻፈው ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሚል ቅደም ተከተል ስለሆነ ኮምፒውተሩ ወሩን አስቀድሞ እንዳያነበው ይጠንቀቁ። የሜዳ ጥቅሙን ስሌት ይህ ስሕተት ብዙ ላይጎዳው ይችላል፤ የዕረፍት ቀናቱን ግን ሙሉ በሙሉ ያበላሻቸዋል።

የሜዳ ጥቅም የመጀመሪያ ግምት

በሊግ እያንዳንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ ተጋጣሚ ጋር አንድ ጊዜ በሜዳው፣ አንድ ጊዜ ከሜዳው ውጭ ይጫወታል። ስለዚህ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ የባለሜዳዎች ጠቅላላ አቅምና የእንግዶች ጠቅላላ አቅም እኩል ነው። የቀረው ልዩነት የሜዳ ነው ማለት ይቻላል።

በ2018/19 የባለሜዳዎች አማካይ ውጤት 181 ሲደመር የ71 ግማሽ፣ ለ380 ሲካፈል፣ 0.570 ነው። ይህን ወደ ነጥብ ለመለወጥ፦

```
H = 400 * log10(0.570 / 0.430)
```

ውጤቱ 49 ገደማ ይሆናል። በ2020/21 አማካዩ 0.488 ስለሆነ ተመሳሳዩ ስሌት ከዜሮ በታች 8 ይሰጣል። ሜዳው ያው ሜዳ፣ የጉዞው ርቀትም ያው ነበር፤ የጎደለው ደጋፊው ነው። ባዶ ስታዲየም ውስጥ ዳኞች ለእንግዳ ቡድን የሚያሳዩት ካርድ መቀነሱን በዚያ ጊዜ ላይ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ይህም ጥቅሙ በከፊል በጩኸቱና በዳኛው በኩል እንደሚመጣ ይጠቁማል። የ2019/20 የመጨረሻዎቹ 92 ጨዋታዎችም በዝግ ስታዲየም የተካሄዱ ናቸው። እነዚህን ሁሉ ከመደበኛዎቹ ጋር ደባልቆ አማካይ ማውጣት ለየትኛውም ዘመን የማይሆን ቁጥር ስለሚያመጣ ለብቻቸው ይያዟቸው።

49 ለምን ያንሳል?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ነገር ግን 49 ትክክል የሚሆነው ሁሉም ቡድኖች እኩል አቅም ቢኖራቸው ብቻ ነው። በ300 ነጥብ የሚራራቁ ሁለት ቡድኖችን እንውሰድ። ብርቱው በሜዳው ሲጫወት በ`H` 49 የሚጠበቅበት 0.882 ነው። ደካማው በሜዳው ሲጫወት 0.191 ነው። የሁለቱ ጨዋታዎች የባለሜዳ አማካይ 0.536 ብቻ ሆነ፤ በእኩል ቡድኖች መካከል ግን 0.570 ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማሸነፉ ከሞላ ጎደል የተረጋገጠ ቡድን ሜዳው የሚጨምርለት ነገር ጥቂት ነው፤ መሸነፉ የተረጋገጠውም እንዲሁ። በእነዚህ ሁለት ቡድኖች መካከል 0.570 እንዲመጣ `H` ወደ 95 ከፍ ማለት አለበት።

ሊጉ ውስጥ ተቀራራቢም ተራራቂም ቡድኖች አሉ። ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከ49 በላይና ከ95 በታች ነው፤ አብዛኞቹ ጨዋታዎች ያን ያህል ስለማይራራቁ ወደ ታችኛው ይቀርባል። በትክክል ለማግኘት እንዲህ ያድርጉ። `H`ን 49 አድርገው የሁሉንም ጨዋታ ነጥብ በቀን ቅደም ተከተል ያስሉ። ለእያንዳንዱ ጨዋታ ከጨዋታው በፊት የነበረውን `dR` ይያዙ። ከዚያ `dR`ን ሳይነኩ የ`S` ድምርና የ`E` ድምር እኩል እስኪሆኑ ድረስ `H`ን ይለውጡ፤ ኤክሴል ላይ ይህን `Goal Seek` ይሠራልዎታል። አዲሱን `H` ይዘው ነጥቦቹን እንደገና ከመጀመሪያው ያስሉ፤ ለውጡ ከአንድ ነጥብ በታች እስኪሆን ይድገሙት። ሁለት ሦስት ዙር ይበቃል።

ከጨዋታው በፊት የነበረው ነጥብ ያልኩት በጥብቅ ነው። የውድድር ዘመኑ ካለቀ በኋላ ያለውን ነጥብ ወደ ኋላ ወስዶ መጠቀም ውጤቱን አስቀድሞ እንደማየት ነው፤ ሞዴሉ በወረቀት ላይ የተዋጣለት ይመስልና በሚቀጥለው ሳምንት ይወድቃል።

ቁጥሩ ምን ያህል ይታመናል?

የአንድ ጨዋታ ውጤት ከሚጠበቀው በአማካይ 0.40 ያህል ይርቃል። በ380 ጨዋታዎች ላይ የአማካዩ የመደበኛ ስሕተት መጠን 0.02 ገደማ ይሆናል፤ ወደ ነጥብ ሲለወጥ 14 ያህል ነው። ስለዚህ ከአንድ የውድድር ዘመን የተገኘ `H` ወደላይም ወደታችም እስከ 28 ነጥብ ቢዛነፍ አያስገርምም። ዘንድሮ 40፣ አምና 60 ቢወጣ የተለወጠ ነገር አለ ብሎ መደምደም አይቻልም። የ2018/19ና የ2020/21 ልዩነት ግን ከዚህ ሰፊ ነው፤ እሱ ዕድል ብቻ አይደለም። በተግባር የሚሻለው አራት ወይም አምስት መደበኛ የውድድር ዘመናትን አንድ ላይ ማስላት ነው።

«አንፊልድ ከሌላው ሜዳ ይከብዳል፤ ለእያንዳንዱ ክለብ የራሱን `H` ለምን አልሰጥም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አንድ ክለብ በዓመት የሚጫወተው 38 ጨዋታ ነው። በዚህ ቁጥር ላይ የመደበኛ ስሕተቱ መጠን 45 ነጥብ ይደርሳል፤ ከራሱ ከምንለካው ነገር ጋር የሚስተካከል ነው ማለት ነው። ስለዚህ የታየውን ልዩነት እንዳለ አይውሰዱት፤ ወደ ሊጉ አማካይ ይሳቡት። በክለቦች መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት በመደበኛ ልይይት 15 ነጥብ ያህል ነው ብለን ብናስብ ክብደቱ ይህ ነው፦

```
w = 15^2 / (15^2 + 45^2) = 0.10
```

አንድ ክለብ ከሊጉ አማካይ በ80 ነጥብ የበለጠ የሜዳ ጥቅም ካሳየ የሚጨመርለት 8 ብቻ ነው። የአራት ዓመት ውጤት ካለዎት ስሕተቱ ወደ 22 ዝቅ ስለሚል ክብደቱ ወደ 0.31 ከፍ ይላል። እኔ በበኩሌ አራት ዓመት ሳይሞላ የክለብ የብቻ `H` ባይገባ ይሻላል እላለሁ።

«ባለሜዳ» የተባለ ሁሉ ባለሜዳ አይደለም

በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ይህን ለመሥራት የሚነሣ ሰው ሊያስተውለው የሚገባ ጉዳይ አለ። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ሊጉ ክለቦቹ ሁሉ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ የሚጫወቱበት ሥርዓት ተጀመረ፤ ሀዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳርና ሌሎችም በየተራ አስተናግደዋል። መርሐ ግብሩ ላይ በመጀመሪያ የተጻፈው ቡድን ባለሜዳ ይባላል፤ ግን ሁለቱም ከቤታቸው ርቀው ሊሆን ይችላል። ይህን ፋይል እንዳለ ወስዶ `H` የሚያሰላ ሰው ዜሮ አካባቢ ያለ ቁጥር ያገኝና ኢትዮጵያ ውስጥ የሜዳ ጥቅም የለም ይላል። የለካው ግን የስም ዝርዝር ቅደም ተከተልን ነው።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ጨዋታ `home` የሚባል ዓምድ መጨመር ነው። በመጀመሪያ የተጻፈው ቡድን በእርግጥ በከተማው ከሆነ 1፣ ሁለቱም እንግዳ ከሆኑ 0 ይጻፉ፤ በሁለተኛነት የተጻፈው ቡድን ከሆነ የከተማው ባለቤት ደግሞ -1። ሀዋሳ ላይ ሀዋሳ ከተማ ከፋሲል ከነማ ቢጫወት 1 ነው፤ ፋሲል በመጀመሪያ ቢጻፍ -1 ነው። ሀዋሳ ከተማ ከሲዳማ ቡና ሲገናኝ ግን ሁለቱም የከተማዋ ናቸውና 0 ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና አዲስ አበባ ላይ ሲገናኙም እንዲሁ። ቀመሩ ውስጥ `H` ብቻውን መግባቱ ይቀርና `H*home` ይሆናል። የተሰበሰበው ሥርዓት አንድ መልካም ነገር አለው፤ ገለልተኛ ጨዋታ ስለሚበዛ የቡድኖቹ አቅም ሜዳ ሳይቀላቀልበት ይለካል።

የዕረፍት ቀናትን መቁጠር

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት `E0.csv` የሊግ ጨዋታዎችን ብቻ የያዘ መሆኑ ነው። ሐሙስ ማታ በዩሮፓ ሊግ ተጫውቶ እሑድ በሊጉ የሚሰለፍ ክለብ በዚህ ፋይል ሲታይ ሳምንት ሙሉ ያረፈ ይመስላል። በትክክል ያረፈው ሦስት ቀን ነው። ስለዚህ የቻምፒየንስ ሊግን፣ የዩሮፓ ሊግን፣ የኮንፈረንስ ሊግን፣ የኤፍ ኤ ካፕንና የሊግ ካፑን ቀናት ከየምንጫቸው ሰብስበው ከሊጉ ጨዋታዎች ጋር `a` በሚባል አንድ ሠንጠረዥ ላይ ያስገቧቸው። ውጤቱ አያስፈልግም፤ ክለብና ቀን ብቻ ይበቃል። ተስተካካይ ጨዋታዎች በመጀመሪያው መርሐ ግብር ቀን ሳይሆን በተካሄዱበት ቀን መመዝገባቸውንም ያረጋግጡ።

```python
a = a.sort_values(["team", "date"])
a["rest"] = (a.groupby("team")["date"].diff()
             .dt.days.clip(upper=6).fillna(6))
```

በሁለት ጨዋታዎች ቀናት መካከል ያለው ልዩነት ነው የሚቆጠረው፤ ከሐሙስ እስከ እሑድ 3። ስድስት ላይ ጣሪያ ያደረግንበት ምክንያት አለው። ከእሑድ እስከ ቅዳሜ 6፣ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ 7፣ ከቅዳሜ እስከ እሑድ 8 ቀን ነው፤ ሦስቱም መደበኛ ሳምንት ናቸውና በመካከላቸው ልዩነት መፍጠር የለብንም። የብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ ሲመጣ ደግሞ ፋይሉ የ14 ቀን ዕረፍት ያሳያል፤ ተጫዋቾቹ ግን ያን ጊዜ ወደ ሌላ አህጉር በርረው ሁለት ጨዋታ ተጫውተው ሊመለሱ ይችላሉ። ጣሪያው ይህንም ይከላከላል። የውድድር ዘመኑ የመጀመሪያ ጨዋታም 6 ሆኖ ይያዛል፤ ለዚህም ሠንጠረዡን ለየውድድር ዘመኑ ለብቻ ያስሉት።

ከዚያ `q` የባለሜዳው ዕረፍት ሲቀነስ የእንግዳው ዕረፍት ይሆናል፤ ቀመሩም ይህን ይመስላል፦

```
x = dR + H*home + b*q
```

`b` አንድ ተጨማሪ የዕረፍት ቀን የሚያመጣው ነጥብ ነው። ሁለቱን በአንድ ላይ ለማግኘት ይህ አጭር ኮድ ይበቃል፦

```python
import numpy as np, pandas as pd
from scipy.optimize import minimize
m = pd.read_csv("matches.csv")  # dR, home, q, S
def loss(p):
    x = m.dR + p[0]*m.home + p[1]*m.q
    E = 1 / (1 + 10**(-x/400))
    return -(m.S*np.log(E) + (1-m.S)*np.log(1-E)).sum()
print(minimize(loss, [50, 0], method="Nelder-Mead").x)
```

የሚታተሙት ሁለት ቁጥሮች `H` እና `b` ናቸው።

`b` ሲያታልል

በሳምንት መካከል በአውሮፓ ውድድር የሚጫወቱት የሊጉ ብርቱ ክለቦች ናቸው። ያነሰ የሚያርፉትም እነሱው ናቸው። የቡድኖቹ አቅም በ`dR` በደንብ ካልተያዘ ስሌቱ «ያነሰ ያረፈ የበለጠ ያሸንፋል» ብሎ `b`ን ከዜሮ በታች ያወጣዋል። በተለይ የውድድር ዘመኑ ሲጀመር ሁሉንም ቡድን ከ1500 የሚያስነሣ ሰው ይህ ይገጥመዋል፤ ነጥቦቹ ገና ሳይለያዩ ብርቱዎቹ መስከረም ላይ አውሮፓ ይጀምራሉና። ቢያንስ የአንድ ሙሉ ዓመት ውጤት ነጥቦቹን ለማሟሟቅ ተጠቅመው ያንን ዓመት ከግምቱ ያውጡት።

ለማጣራት የሚረዳ ቀላል ፈተና አለ። የእያንዳንዱን ክለብ የዕረፍት ቁጥሮች በራሱ ጨዋታዎች መካከል በዘፈቀደ ያደባልቁና `b`ን እንደገና ያስሉ፤ ብዙ ጊዜ ይድገሙት። አሁን ቁጥሮቹ ከትክክለኛው ድካም ጋር ግንኙነት ስለሌላቸው `b` ዜሮ አካባቢ መዋል አለበት። በተደጋጋሚ ከዜሮ የራቀ ከሆነ ስሌቱ እያነበበ ያለው የክለቡን ማንነት ነው፤ ድካምን አይደለም።

ሌላው ችግር የጨዋታዎች ማነስ ነው። በአብዛኞቹ የሊግ ጨዋታዎች `q` ዜሮ፣ አንድ ወይም -1 ነው። በአንድ ዓመት ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ልዩነት ያለባቸው 60 ጨዋታዎች አሉ እንበል፤ በአምስት ዓመት 300 ይሆናሉ። በ300 ጨዋታ ላይ የመደበኛ ስሕተቱ መጠን 16 ነጥብ ነው፤ ልዩነቱ በአማካይ ሦስት ቀን ከሆነ ለአንድ ቀን 5 ነጥብ ይደርሳል። ከኮዱ `b` 5 ሆኖ ቢወጣ ከዜሮ መለየቱን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም ማለት ነው። ይህ ከእግር ኳሱ ተፈጥሮ ጋር ይስማማል። አሠልጣኞች ሐሙስ ከተጫወቱት መካከል ብዙዎቹን እሑድ ያሳርፋሉ። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ላይ የተሠራ ጥናትም በሩጫቸው ላይ ጉልህ መቀነስ አላገኘም፤ ጉልህ ሆኖ የተገኘው የጉዳት መጨመር ነው። ጉዳት ደግሞ በዚያው ጨዋታ ውጤት ላይ ሳይሆን በሚቀጥሉት ሳምንታት አሰላለፍ ላይ ይታያል።

ስለዚህ ለክለቦች `H` ያደረግነውን ለ`b`ም እናድርግ። ትክክለኛው `b` ከዜሮ በ5 ነጥብ ያህል ሊርቅ ይችላል ብለን ከተነሣን፣ ስሕተቱም 5 ስለሆነ ክብደቱ ግማሽ ነው፤ 5 የነበረው 2.5 ይሆናል።

አንድ ጨዋታ በዝርዝር

ባለሜዳው ከእንግዳው በ60 ነጥብ ይበልጣል። ሐሙስ በአውሮፓ ተጫውቶ እሑድ ይሰለፋል፤ ዕረፍቱ 3 ነው። እንግዳው የተጫወተው ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ስለነበር 8 ቀን አርፏል፤ በጣሪያው 6 ይሆናል። `q` እንግዲህ -3 ነው። ከስሌታችን `H` 62 ወጥቷል እንበል።

ዕረፍትን ካልቆጠርን 60 እና 62 ተደምረው 122 ነጥብ፣ የሚጠበቀውም 0.669 ነው። በ`b` 5 ከሄድን 15 ነጥብ ይቀነስና 107 ይሆናል፤ 0.649። ወደ ግማሽ በተሳበው 2.5 ደግሞ 114.5 ነጥብ፣ 0.659 እናገኛለን። ሦስት ሙሉ ቀን የሚያህል የዕረፍት ልዩነት ትንበያውን የለወጠው በመቶ አንድ ያህል ነው። ሜዳውን ብንረሳው ግን፣ በ60 ነጥብ ብቻ፣ ግምቱ 0.585 ይሆን ነበር። ከሁለቱ የትኛው ላይ ጊዜ ማጥፋት እንደሚገባ ከዚህ ይታያል።

የመጨረሻው ፈተና ስሌቱ ያላየው የውድድር ዘመን ነው። `H`ንና `b`ን ካለፉት ዓመታት አውጥተው በሚቀጥለው ዓመት ጨዋታዎች ላይ ሳይነኩ ያስኪዷቸው፤ ኮዱ ውስጥ ያለውን `loss` አንድ ጊዜ ከ`b` ጋር፣ አንድ ጊዜ `b`ን ዜሮ አድርገው ያወዳድሩ። ከ`b` ጋር ያለው ካላነሰ ዕረፍትን ከሞዴሉ ያውጡት። `H*home` ግን ደጋፊ ባለበት በማንኛውም ሊግ መቆየት አለበት፤ ስታዲየሞች እንደገና የሚዘጉበት ጊዜ ቢመጣ ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥተው ለእነዚያ ጨዋታዎች `home`ን ዜሮ ያድርጉት።